«አማካሪ» ብለን የጻፍንበት ማስታወቂያ

ካዛንቺስ ባለው የኢንሹራንስ ኩባንያችን የሰው ሀብት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ለሠራተኛው የሚበተን ማስታወቂያ ሁሉ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው። ሊፍቱ ሲበላሽ፣ የበዓል ዕረፍት ሲወሰን፣ የሥራ መታወቂያ ሲቀየር፣ ሰው ሲሞት የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽፌ ለዳይሬክተሬ አሳያለሁ፣ እሱ ያርማል፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ይፈርማሉ፣ ከዚያ በኢሜይል እልክና አንዱን ቅጂ ምድር ቤት ያለው ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። እነዚያን ወረቀቶች የሚጽፍ ሰው እንዳለ ብዙ ሰው የሚያስብ አይመስለኝም። እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ አላስብም ነበር።

የተሽከርካሪ ካሳ ክፍል ኃላፊውን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። መኪናው ተጋጭቶበት ካሳ የሚጠይቅ ደንበኛ ጉዳዩ በእሳቸው ጠረጴዛ ማለፉ አይቀርም። ኢንጂነሮቹ ቄራና ላንቻ ያሉት ጋራዦች ድረስ ወርደው ጉዳቱን አይተው ግምት ይጽፋሉ፤ ጋሼ ግምቱን ከውሉ ጋር ያስተያዩና ይከፈል ወይም አይከፈል ብለው ይፈርማሉ። ደንበኛ ሲያጭበረብር ካገኙ ምሕረት የላቸውም። ኩባንያው ሲያጭበረብር ካገኙም እንደዚያው ናቸው። አንድ ቀን አንድ የፋይናንስ ሰው፣ ውሉ ላይ ያለ አሻሚ ዐረፍተ ነገር ይዞ «እኛ እንደዚህ ለማለት ፈልገን አይደለም» ሲላቸው፣ ኮሪደር ላይ ቆመው «ውሉን የጻፍነው እኛ ነን፤ ደንበኛው አይደለም። ግልጽ አድርገን ካልጻፍን እዳው የእኛ ነው» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሰውየው ተናዶ ሄደ፣ ደንበኛው ተከፈለው።

ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ። መጀመሪያ ደከመኝ ይሉ ነበር፣ ቀጥሎ እግራቸው አበጠ፣ በመጨረሻ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት የሚገቡ ሰው ሆኑ። የሕመም ፈቃዳቸውን የምመዘግበው እኔ ስለነበርኩ ጊዜው እንዴት እንደሚሄድ ከማንም በላይ ይታየኝ ነበር። ሕጉ የሚሰጠው ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የቀሩትን ሦስት ወሮች ምንም። ስድስቱ ወር ሲያልቅ አሠሪው ማሰናበት ይችላል። ደመወዙ ቀርቶባቸውም ቢሆን አንድ ነገር ነበራቸው፤ ሠራተኛ ሆነው እስከቆዩ ድረስ የሕክምናቸውን ወጪ የሠራተኛው የጤና መድን ይሸፍናል። ስንብት ሲመጣ ግን መድኑም አብሮ ይቆማል። እጥበት ደግሞ ሲቆም ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ስድስተኛው ወር ሊያልቅ ሲቃረብ ዳይሬክተሬ ጠራኝ። «አንተ» በሉኝ የሚል ዓይነት አለቃ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሳቁ ቅርብ ነው።

«ለተሽከርካሪ ካሳ አዲስ ኃላፊ ተቀጥራለች። ሰኞ ትገባለች። ማስታወቂያዋን ዛሬ አዘጋጂልኝ፣ በቃ አጭር ይሁን» አለኝ። ነጥቦቹን በቃል እየነገረኝ ጻፍኩ። አዲሷ ኃላፊ ከሌላ ኩባንያ የመጣች፣ በካሳ ሥራ ብዙ ልምድ ያላት ናት። ክፍያ የማጽደቅ ሥልጣኑ ከሰኞ ጀምሮ ወደ እሷ ይዞራል። ጉዳት የሚገምቱት ኢንጂነሮች ከክፍሉ ወጥተው ከንብረት ካሳ ኢንጂነሮች ጋር በአንድ ላይ ይደራጃሉ፣ ተጠሪነታቸውም ለሌላ ዳይሬክቶሬት ይሆናል። ጋራዥ የሚመርጠው ከእንግዲህ ክፍሉ ሳይሆን ኮሚቴ ነው። የተጀመሩ ፋይሎች በያዟቸው ሠራተኞች እጅ ሆነው ያልቃሉ። ጋሼ ከታመሙ ጀምሮ በተጠባባቂነት ሲመራ የቆየው ከፍተኛ ኢንጂነር ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል።

«ጋሼስ?» አልኩት።

«ምን ጋሼስ?»

«ስለ እሳቸው ምን ብዬ ልጻፍ?»

መስኮቱ ወዳለበት ዞረ፤ ከመንገዱ ማዶ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው አጥሩ ብቻ ቆሞ ነበር። «‹በክፍሉ አማካሪነት ማገልገላቸውን ይቀጥላሉ› በይ።»

«ደብዳቤ ወጥቶላቸዋል?»

«ኧረ አይ፣ ለአባባል ነው። ባዶውን ‹በእሳቸው ቦታ› ቢባል ቡድኑን ይከፋዋል። ሰውየው እንደሆነ ቀናቸው እያለቀ ነው፣ ታውቂያለሽ።»

«እሳቸው ግን ተነግሯቸዋል?»

«እኔ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ጻፊው።»

ጻፍኩት። «ባልደረባችን ባለፉት ዓመታት ላበረከቱት አገልግሎት እያመሰገንን፣ በክፍሉ አማካሪነት ማገልገላቸውን እንደሚቀጥሉ እናሳውቃለን።» ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሮጡ በር ላይ ፈረሙበት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኢሜይል ላክሁት፣ ሰሌዳው ላይም ለጠፍኩት።

ቀድሞ የመጣው ተጠባባቂው ኢንጂነር ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሥራ የሚወድ፣ ለወራት ያለ ሹመት የሹም ሥራ የሠራ ሰው ነው። ስልኩን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«‹ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ› የምትለዋን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማለቴ፣ ቃለ መጠይቅ እንኳን አልጠሩኝም እኮ። አሁን ሚስቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ‹ተመለስኩ› ልበላት?» አለኝ። ድምፁን አላነሳም። «የቀድሞ ሥራዬ ደግሞ የለም። ቡድኑን በትናችሁታል። ወዴት ነው የምመለሰው?»

«ይቅርታ» አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ ወጣ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ። ጋሼ ነበሩ። ማስታወቂያውን ከክፍሉ ሰዎች አንዱ የቴሌግራም ግሩፓቸው ውስጥ ለጥፎት አይተውታል። ዳይሬክተሩ ደውሎላቸው እንደሆነ ከድምፃቸው ለመለየት ሞከርኩ። እንዳልደወለ ወዲያው ገባኝ።

«ልጄ፣ አየሁት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና ነኝ። ጥሩ ተጽፏል። አማካሪ መሆኔን ሳይ ደስ አለኝ። ማን አሰበልኝ?»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ቀጭን ሆኗል፤ ግን ደስታ የመሰለ ነገር ነበረበት። ውሸት ነው ልላቸው አፌ እስኪከፈት ድረስ ሞከርኩ። የታመመ ሰው ነው፣ ዓርብ ማታ ነው፣ እንዴት ይባላል? «ማኔጅመንቱ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ። ትውውቁ ሰኞ ጠዋት ነው አይደል?»

«አዎ… ግን እርስዎ አይድከሙ።»

«አማካሪ ሆኜ ልቅር እንዴ!» ብለው ሳቁና ስልኩን ዘጉ።

ቅዳሜና እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አላስታውስም። ለዳይሬክተሬ መልእክት ጻፍኩለት፤ «ጋሼ አምነውታል፣ ሰኞ ሊመጡ ነው» አልኩት። «አይመጡም፣ አቅሙ የላቸውም» ብሎ መለሰ።

መጡ።

ሰኞ ጠዋት የስብሰባ አዳራሹ ስገባ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ኮቱ ከትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው ይመስል ወርዷል። ፊታቸው ጠቁሯል። የግራ ክንዳቸውን፣ እጥበቱ የሚሰካበትን፣ ሰው እንዳይነካው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘውታል። ባለቤታቸው በር አጠገብ ወንበር ላይ የእሳቸውን ጃኬት ታቅፈው ቁጭ ብለዋል። የክፍሉ ሠራተኞች አንድ በአንድ እየመጡ ጎንበስ ብለው ጋሼን ሲስሙ አንዲት ልጅ አለቀሰች። «ምን ሆነሽ ነው? ሥራ ላይ ነን» አሏት።

ዳይሬክተሩ ሲገባ አያቸው። ፈገግታው ባለበት ቆመ። አጠገቤ ሲያልፍ በቀስታ «ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው መጥተው አዲሷን ኃላፊ አስተዋወቁ። እኔን በዕድሜ ጥቂት የምትበልጠኝ፣ ቀጠን ያለች፣ መነጽር የምታደርግ ሴት ናት። ብዙ አልተናገረችም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፋይል በማየትና እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በማነጋገር እንደምታሳልፍ፣ ክፍያ እንዳይዘገይ የጠዋቱን አጭር ስብሰባ እንደማታስቀር ተናገረች። ዳይሬክተሩ ለውጦቹን ከማስታወቂያው ላይ አነበበ። ስለ ኢንጂነሮቹ ሲያነብ ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። አንዱ ሠራተኛ «ግምት ሲዘገይ ደንበኛው የሚጮኸው እኛ ላይ ነው፤ ኢንጂነሩ ደግሞ የእኛ አይደለም። ማንን ነው የምንጠይቀው?» አለ። «አሠራሩ ይወጣል» አለ ዳይሬክተሩ። ተጠባባቂ የነበረው ኢንጂነር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ጫማውን ይመለከት ነበር።

ጥያቄ ካለ ሲባል ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ አንድ አነስተኛ ጥያቄ አለኝ» አሉ። ለመነሳት ሞክረው ተዉት። «ማስታወቂያው ላይ በአማካሪነት እንደምቀጥል ተጽፏል። አመሰግናለሁ። ተጠሪነቴ ለማን እንደሆነ ግን አልተገለጸም። ለማኔጅመንቱ ነው ለክፍሉ ኃላፊ?»

ዳይሬክተሩ አፉን ከፈተ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቀደሙት። እርግጠኛ ነኝ፣ ምን እንደፈረሙ አያስታውሱም ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሠራተኛ ፊታቸው ላይ ዓይኑን ተክሏል፣ ሰውየውም እንደዚያ ሆነው መጥተዋል። «ለክፍሉ ኃላፊ ነው እንጂ» አሉ። «ልምድዎን እንፈልገዋለን።»

«ገባኝ» አሉ ጋሼ፤ ወደ አዲሷ ኃላፊም ዞረው «እንግዲህ ያንቺ ሰው ነኝ» አሏት። ሰው አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አቃተኝ። የምወዳቸው ሰው በሰው ፊት ተታልለው ሲያመሰግኑ ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስገባኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በሩን ዘጋው። ሰውየውን የጠራሁት እኔ መስዬው ነበር። እንዳልጠራሁ ነገርኩት። «ለማንኛውም ደብዳቤ አይወጣም። የፈቃዱ ጊዜ ሲያልቅ በሕጉ ይሄዳል፤ ይሄ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም» አለኝ። ጨካኝ ሰው ነው ለማለት አልችልም። በዚያው ወር በጀት እንዲቀንስ ታዝዞ እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ታማሚ ቢያስቀር በምትኩ ሌላ ሰው ማስወጣት ይኖርበት ነበር፣ ይኸው ነው።

በማግስቱ አዲሷ ኃላፊ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «የአማካሪዬን የምደባ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር። በየትኛው ቀን እንደሚገቡ፣ ምን ዓይነት ፋይል ላይ አስተያየት እንደሚሰጡ ማወቅ አለብኝ» አለች።

ቢሮ ውስጥ መናገር ፈራሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ተገናኘን። የታዘዘው ማኪያቶ ሳይነካ እስኪቀዘቅዝ ሁሉንም ነገርኳት፤ «ለአባባል ነው» መባሉን፣ ደብዳቤ እንደሌለ፣ ስድስቱ ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን እንደቀረው፣ ስንብት ማለት የጤና መድን መቆም እንደሆነ፣ እጥበቱን በራሳቸው ኪስ እንደማይችሉት።

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔን ቃለ መጠይቅ ላይ ጡረታ ሊወጡ ነው ብለውኛል። በታመመ ሰው ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ መሆኔን ማንም አልነገረኝም» አለች።

«ቢነገርዎት ኖሮ አይመጡም ነበር?»

«‹እርስዎ› አትበይኝ። … አላውቅም። እመጣ ይሆናል። ልጆች አሉኝ፣ የነበርኩበት ቦታም ጥሩ አልነበረም።» ከዚያ፣ «የሰው ሀብት ሰው ነሽ። በሕጉ መንገድ የለውም?» አለችኝ።

አንድ መንገድ ነበር። የሚያክማቸው ሐኪም ቀላል ሥራ መሥራት ይችላሉ ብሎ ማስረጃ ከጻፈላቸው ከሕመም ፈቃድ ወጥተው ወደ ሥራ መመለስ ይችላሉ። ችግሩ፣ በዚያ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው የሚሆን ቀላል ሥራ መኖር አለበት፤ አለ የሚለው ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ነው።

«አለኝ» አለች። «አማካሪ ያስፈልገኛል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በሰው ፊት ልምዳቸውን እንፈልገዋለን ብለዋል፣ ማስታወቂያውም ላይ ተጽፏል። ከዚህ በላይ ምን አለ?»

በዚያው ከሰዓት ማስታወቂያውን አባሪ አድርጋ የምደባ ጥያቄ ጻፈች። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛው ላይ አቆየው። እሷ በየጠዋቱ እየመጣች «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ትለዋለች፤ ቁጣ የለም፣ ልመና የለም፣ ልክ አንድ ኃላፊ ኮምፒውተር እንዲመጣላት እንደምትጠይቀው። አዲስ ስለሆነች ቸል ሊላት ቢፈልግም፣ አዲስ ስለሆነች ደግሞ በሳምንቷ ተጣልታ ብትለቅ ተጠያቂው የቀጠራት እሱ ነው። የሐኪሙ ማስረጃ መጣ። ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል ጥያቄው ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጋ ደረሰ፣ እሳቸውም ፈረሙ። በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ቀን ቢሮ፣ የቀረውን ከቤት፤ ኮምፒውተር ተሰጣቸው፣ መድኑ ቀጠለ። ዳይሬክተሬ ለእኔ ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በሩ ለእኔ ክፍት አልሆነም፤ ሥራ የሚልክልኝም በኢሜይል ብቻ ሆነ።

አንድ ወር ያህል ቆይቶ ለፊርማ የሚሆን ወረቀት ይዤ ላንቻ ቤታቸው ሄድኩ። ከእጥበት ማግስት ስለነበር ሻል ብሏቸዋል። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ኮምፒውተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የአንድ ሚኒባስ ግጭት ፎቶ ያያሉ። ባለቤታቸው ጨው የሌለው ሾርባ አቅርበውላቸው እንዲጠጡ ይለምኗቸዋል።

እንደተፈረመ ልነሳ ስል ሆዴ አልችል አለኝ። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ሲደውሉልኝ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱ ቀን? ያ ዓርብ?» አሉ። «ውሸት መሆኑን አውቄ ነበር።»

ደነገጥኩ። ባለቤታቸው ሾርባውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ስንት ዓመት ያን የመሰለ ወረቀት አንብቤያለሁ» አሉ። «‹አማካሪ› የሚል ቃል ሲጻፍ ደመወዝ፣ ደረጃ፣ ተጠሪነት አብሮ ይጻፋል። እዚያ ላይ ምንም የለም። ማስዋቢያ ነው አልኩ። ከዚያ ታችኛውን ጫፍ አየሁ፤ ተፈርሟል። አንቺን የደወልኩልሽ ማን ማን እንደሚያውቅ ለማጣራት ነው። ዝም ስትዪ ጊዜ አንቺም እንደምታውቂ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን…»

«ለምን መጣሁ? ሰው ሁሉ ባለበት ‹አዎ› እንዲሉኝ ነዋ! ብቻቸውን ቢሆኑ ‹ስሕተት ነው፣ ይቅርታ› ብለው ያርሙት ነበር።» ኩራት አልነበረባቸውም። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጥያቄ ሳይ የኖርኩ ሰው በመጨረሻ እኔ ጠያቂ ሆንኩ። የሚያሳፍር ነገር ነው።»

«የሚያሳፍረው አንተን አይደለም» አሉ ባለቤታቸው ድንገት። ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲያለቅሱ ይሰማል።

ጋሼ ወደ ጓዳው እያዩ ቆዩ። «እሷ እንዲታዘንልኝ የሄድኩ ነው የሚመስላት» አሉኝ በቀስታ። «እንዳትነግሪያት፣ እኔም አንዳንዴ ይመስለኛል።»

ማስታወቂያው ላይ የተጻፉት ሌሎች ነገሮች ግን አንዱም ማስዋቢያ አልነበሩም። ሁሉም ተፈጸሙ። ኢንጂነሮቹ ሌላ ሕንጻ ተዛወሩ። ግምት ለማስመጣት ጥያቄ በሲስተም ይላካል፣ እዚያ ተራ ይጠብቃል፤ ድሮ አንዱ ከጠረጴዛው ተነስቶ «ና እስቲ ይቺን እይልኝ» የሚለው ነገር ቀረ። የጋራዥ ኮሚቴው በሁለት ሳምንት አንዴ ሊሰበሰብ ታስቦ ምልዓተ ጉባኤ አልሟላ ይላል። መኪናቸው ጋራዥ ውስጥ ዝናብ የሚመታባቸው ታክሲ ነጂዎች ምድር ቤት መጥተው ይጮኻሉ፤ ቁጣቸው የሚወርደው ደግሞ ደንበኛ መቀበያው መስኮት ላይ ባለችው ልጅ ነው። አዲሷ ኃላፊ እያመሸች ትሠራ ጀመር። ፊቷ ጠቆረ። «ቦታውን ሳይሆን ስም ብቻ ነው የሰጡኝ» አለችኝ አንድ ቀን ሊፍት ስንጠብቅ።

ተጠባባቂ የነበረው ኢንጂነር ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ። የመልቀቂያ ቃለ መጠይቅ ቅጹን የሞላሁለት እኔ ነበርኩ። «ምክንያት» የሚለው ጋ ስደርስ «ወደ ቀድሞ ሥራዬ ልመለስ» ብለሽ ጻፊ አለኝ፤ ሳይስቅ። «የተሻለ ዕድል» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ መጀመሪያ አካባቢ ረጃጅም አስተያየት ይልኩ ነበር፤ ይህ ግጭት ከተባለው አቅጣጫ አልመጣም፣ ይህኛውን ክፈሉት፣ ያኛውን የፖሊስ ሪፖርቱን እንደገና ጠይቁ። ቢሮ የሚመጡባቸው ቀናት እየሳሱ ሄዱ፣ ከዚያ ቀሩ። ጽሑፉ አጠረ። በኋላ በቴሌግራም በድምፅ መላክ ጀመሩ፤ ትንፋሻቸው በየቃሉ መሃል ይሰማል። አዲሷ ኃላፊ አንዱን አስደመጠችኝ። «ክፈሉት… ሰውየው… እውነቱን ነው» ይላል። እሷ ሳያስፈልጋት ጭምር ፋይል ትልክላቸው እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ክረምት ሲገባ ልባቸው ደከመና ሆስፒታል ተኙ። ሐምሌ ውስጥ ዐረፉ። ባለቤታቸው የነገሩን በጠዋት ነው። ዳይሬክተሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ቆመ። «የሐዘን መግለጫውን አንቺ ጻፊው፤ እኔ አላርመውም» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ምን ልበለው? ሰው መጥፎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀልል ነበር። ጻፍኩ፣ ተፈረመ፣ ለጠፍኩት።

ላንቻ፣ ለቅሶው ቤት፣ ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ይወርድ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ መጥቷል። የለቀቀው ኢንጂነርም መጥቶ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። አዲሷ ኃላፊ ስትገባ አጠገቡ ብቻ ባዶ ቦታ ነበረ። ሁለቱ በሥራ ቦታ «ደህና ዋልክ» ከማለት በቀር ተነጋግረው አያውቁም። ሄዳ ተቀመጠች። ብዙ ከቆዩ በኋላ «ስለ አንተ ነግረውኛል» አለችው። «ምን አሉሽ?» አላት። «ክፍሉ የሚገባው ለእሱ ነበር አሉኝ። እኔም አልተቀየምኳቸውም» አለችው። አንገቱን ደፋ።

ለመሄድ ስነሳ ባለቤታቸው በእጃቸው ጠርተው ወደ ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። ኮምፒውተሩን ከነቦርሳው አውጥተው ሰጡኝ።

«እትዬ፣ ችግር የለም እኮ። ሰባቱ ይለፍና እመጣለሁ» አልኳቸው።

«አይ፣ ዛሬ ውሰጅው። ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። መልእክት ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ነው ብለውኛል፤ እኔ ግን እሱ የጠራኝ እየመሰለኝ እነሳለሁ። ላጥፋው ብል አልቻልኩበትም፣ ልጆቹን መጠየቅ ደግሞ…» ብለው ተዉት። ከዚያ ቦርሳውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ከመሥሪያ ቤት ያለበት ነገር አለ? የሚፈረም ካለ ልፈርም።»

«ምንም የለም፣ እትዬ» አልኳቸው። የንብረት መመለሻ ቅጽ ነበር፤ ሰኞ ራሴ ልሞላው ወሰንኩ። ቦርሳውን ከጃኬቴ ሥር ይዤ በዝናቡ ወጣሁ። ሚኒባስ አልነበረም። ጭቃውን እየዘለልኩ እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ሄድኩ።